የግጥም የቃና ለውጥ ምንድን ነው?

የቃና ለውጥ የምንለው በግጥሙ የሚሰማው ስሜት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ነው፤ ለምሳሌ ከተስፋ ወደ ምሬት። «እዚህ ላይ ‹እንባ› የሚል ቃል ስለ ገባ ግጥሙ ከተስፋ ወደ ምሬት ተሸጋገረ» የሚል ትንታኔ ከሚገባው በላይ አንብቤያለሁ። እንባ ሐዘንን ይነግረን ይሆናል፤ ምሬት ግን የሚወቀስ አካል ያለው፣ ተስፋ የተጣለበት ሲከዳ የሚመጣ ስሜት ነው። ስለዚህ የለውጡ ዱካ በብዛት የሚገኘው በአዳዲስ የሐዘን ቃላት ላይ ሳይሆን፣ የተስፋው ቃላት ራሳቸው ተመልሰው ሲመጡ በሚያሳዩት ለውጥ ላይ ነው። ለዚህ ማብራሪያ ብዬ የገጠምኋቸውን አራት ስንኞች እንመልከት።

ይመጣል ብለናል፤ ጎህ ሲቀድ ይመጣል፣
ደጁን ክፈቱለት፤ ምንጣፍ ይነጠፋል።
መጣ እንግዳችን፣ ጎሁ ሳይቀድ መጣ፣
ምንጣፉን ጠቅልሎ ይዞልን ሊወጣ።

አንድም የሐዘን ቃል የለም፤ ተንታኙ የሚጠብቀው «ግን» እንኳ የለም። «ይመጣል» ያለው ተስፋ «መጣ» ሲል ተፈጽሟል። «ሲቀድ» ወደ «ሳይቀድ» በመለወጡ ግን እንግዳ የሚጠበቅበት ሰዓት ሌባ የሚገባበት ሰዓት ሆኗል። «እንግዳችን» የሚለው የፍቅር አጠራርም የመጣው ሰውየው ከገባ በኋላ ነው፤ ሲጠበቅ በስም አልተጠራም ነበር።

ዋናው ማስረጃ ያለው «ይዞልን» ላይ ነው። በጉዳት ጊዜ የምንለው «ይዞብን» ነው። ቃሉን በዚያ ተክተን ብናነብበው ስንኙ ተራ ስሞታ ይሆናል። በ«ልን» ሲነበብ ግን ዘረፋው እንደ ውለታ ተቆጥሮ፣ በሁለተኛው ስንኝ «ክፈቱለት» ብለን ለሰጠነው ክብር የተመለሰ ምላሽ መስሎ ይቀርባል፤ ምሬቱም ከዚህ ይመነጫል። ነገሩ እንደ ጠጅ ነው፦ ጌሾው ተጣርቶ ይወጣል፣ ምሬቱ ግን ይቀራል። ብርሌውን ወደ ብርሃን አንሥቶ የጌሾ ቅጠል የሚፈልግ ሰው ባያገኝ ጠጁ ጌሾ አልነካውም ሊል ነው፤ ጌሾው ደግሞ የተዘፈዘፈው ከማሩ ጋር ስለሆነ፣ ማሩ የት አልቆ ምሬቱ የት እንደ ጀመረ በጣት ማሳየት አይቻልም።

ሳልጠየቅ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በስንኝ መጨረሻ ላይ ያለ ቃል ደካማ ማስረጃ ነው፤ «ሊወጣ» የተመረጠው ከ«መጣ» ጋር ቤት እንዲመታ ብቻ ሊሆን ይችላል። «ይዞልን» ግን የስንኙ ሁለተኛ አጋማሽ በሆነው «ይዞልን ሊወጣ» በሚለው ሐረግ መጀመሪያ ላይ ያለ ቃል ነው፤ «ይዞብን» ቢገባበትም የሐረጉ ስድስት ቀለም፣ ማለትም ሲነበብ የሚቆጠሩት ስድስት የድምፅ ምቶች፣ አይጎድልም፣ ቤቱም አይፈርስም። ልኬቱም ቤቱም ሳያስገድድ የተመረጠ ቃል ስለሆነ፣ የቃናውን ለውጥ የማስረዳው በ«ሊወጣ» ሳይሆን በእርሱ ነው። «ልን» በገባበት ሁሉ ሽሙጥ አለ ማለቴ ግን አይደለም፤ ከፊቱ የተጠቀለለ ምንጣፍ ባይኖር ኖሮ «ይዞልን» የእውነት ምስጋና ይሆን ነበር።