የኦፈር መቀበያ ደብዳቤ ምንድን ነው?

አንድ ድርጅት “ልንቀጥርዎ ወስነናል” ብሎ ደመወዙን፣ የሥራ መደቡንና የመጀመሪያውን ቀን ጽፎ ሲልክ፣ ያ ወረቀት ኦፈር ይባላል። ተቀጣሪው “ተስማምቻለሁ” ብሎ በጽሑፍ የሚሰጠው መልስ ደግሞ የኦፈር መቀበያ ደብዳቤ ነው። ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚላከው በኢሜይል ነው። ርዝመቱም ከአንድ ገጽ አያልፍም።

ብዙ ሰው ይህን ደብዳቤ የምስጋና ወረቀት አድርጎ ይጽፈዋል። ደስታውን ይገልጻል፣ ያመሰግናል፣ “በቅርቡ እንገናኝ” ብሎ ይዘጋል። ምስጋናው አይጠላም፣ አንድ መስመር ይበቃዋል። የደብዳቤው ዋና ሥራ ግን ሌላ ነው። ሦስት ነገሮችን እርስ በርስ ማሰር አለበት፦ አዲሱን ሥራ የሚጀምሩበትን ቀን፣ ለአሁኑ አሠሪ የሚሰጡትን የማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ገና ያልተሟሉትን ወረቀቶች። አንዱ ሲንሸራተት ሌሎቹንም ይዞ ይሄዳል።

በምሳሌ እንየው። አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ሰኞ ጥቅምት 3 ቀን ኦፈር ደረሳት እንበል። እስከ ዓርብ ጥቅምት 7 እንድትመልስ ተጠይቃለች። ኦፈሩ ላይ የተጻፈው የመጀመሪያ ቀን ሰኞ ኅዳር 1 ነው። ይህ ቀን ከየት መጣ? በቃለ መጠይቁ ላይ “መቼ መጀመር ትችያለሽ?” ተብላ “ወር ገደማ ይበቃኛል” ብላ ነበር። ቅጥሩን የሚያስፈጽመው ሪክሩተርም ወሩን ኦፈሩ ከተላከበት ዕለት ገደማ ቆጥሮ ጻፈው። ማንም አልዋሸም። ነገር ግን ቀኑ አይሠራም።

የማይሠራው በአሁኑ ውሏ ምክንያት ነው። ውሉ ሥራ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ውሉን አውጥቶ ሁለት ነገር ማየት የግድ ነው። አንደኛ፣ ቀኑ የሚቆጠረው በካላንደር ነው ወይስ በሥራ ቀን? 30 የሥራ ቀን በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ሰው ስድስት ሳምንት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ቆጠራው የሚጀምረው መልቀቂያው በገባበት ዕለት ነው ወይስ በማግስቱ? የሷ ውል “በካላንደር፣ ከማግስቱ ጀምሮ” ይላል እንበል። መልቀቂያዋን ኦፈሩ በደረሳት ዕለት ብታስገባ እንኳ የማስጠንቀቂያው ጊዜ የሚያልቀው ኅዳር 3 ነው። ኅዳር 1 ላይ አዲሱ ቢሮ መገኘት አትችልም።

በዚያው ዕለት ማስገባትም የለባትም። ኦፈሩን እስከ መጨረሻው ላነበበ ሰው፣ ታች አካባቢ “ይህ ኦፈር የሚጸናው የሪፈረንስና የትምህርት ማስረጃ ማጣራቱ ሲጠናቀቅ ነው” የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ብዙ ኦፈሮች እንዲህ በቅድመ ሁኔታ የታሰሩ ናቸው። ቅድመ ሁኔታው ሳይሟላ የያዙትን ሥራ የለቀቀ ሰው፣ ማጣራቱ ላይ አንድ ነገር ቢደናቀፍ ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ኦፈሩን መቀበል፣ ቀጥሎ ማጣራቱ ማለቁን በጽሑፍ ማግኘት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መልቀቂያ ማስገባት።

አሁን ቀኑን ከኋላ ወደ ፊት እንቁጠር። ሰኞ ኅዳር 15 ብትጀምርስ? የማስጠንቀቂያው የመጨረሻ ቀን እሑድ ኅዳር 14 መሆን ይችላል። ከዚያ 30 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር የመጀመሪያው ቀን ጥቅምት 15 ላይ ይወድቃል። ቆጠራው ከማግስቱ ስለሚጀምር መልቀቂያው ግፋ ቢል ዓርብ ጥቅምት 14 መግባት አለበት። ለዚህ ደግሞ የማጣራቱ ማረጋገጫ ሐሙስ ጥቅምት 13 እጇ መግባት ይኖርበታል። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው እዚች ሐሙስ ላይ ነው። ደብዳቤው ውስጥ በቀን ተጽፋ መግባት ያለባትም ለዚህ ነው።

“አምስት ቀን የዓመት ፈቃድ አለኝ፣ ከማስጠንቀቂያው ላይ ተቀናሽ ይሁንልኝ” የሚል ሐሳብ እዚህ ላይ መምጣቱ አይቀርም። አሠሪው ከተስማማ በመጨረሻው ሳምንት ፈቃድ ወጥታ ዓርብ ኅዳር 5 ወንበሯን መልቀቅ ትችላለች። ነገር ግን ቢሮ የሚገቡበት የመጨረሻ ቀንና ውሉ የሚያልቅበት ቀን የተለያዩ ናቸው። ፈቃድ ላይ ያለ ሰው አሁንም ተቀጣሪ ነው። በዚያ ሳምንት አዲሱን ሥራ ብትጀምር በአንድ ጊዜ የሁለት ድርጅት ሠራተኛ ትሆናለች፣ ብዙ ውሎች ደግሞ ይህን ይከለክላሉ። ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ውሉ የሚያልቅበት ቀን ነው።

ቀኑ ከታወቀ በኋላ ደብዳቤ ከመጻፍ በፊት ስልክ መደወል ይሻላል። ምክንያቱ ይሉኝታ ብቻ አይደለም። ኅዳር 1 ለሚል ኦፈር “ተቀብያለሁ፣ ግን ኅዳር 15 እጀምራለሁ” ብሎ መመለስ በብዙ አገር ሕግ እንደ መቀበል ላይታይ ይችላል። አዲስ ሐሳብ እንደማቅረብ ይቆጠራል፣ ድርጅቱም እምቢ የማለት መብት ያገኛል። በስልክ ከተስማሙ በኋላ ግን ደብዳቤው የተስማሙበትን ያጸናል። ቀኑ የተስተካከለበት ኦፈር እንደገና እንዲላክም መጠየቅ ተገቢ ነው። የስልክ እሺታ ፋይል ውስጥ አይገባም።

ረቡዕ ጥቅምት 5 የላከችው ደብዳቤ ይህን ሊመስል ይችላል፦

“ጉዳዩ፦ የከፍተኛ የሂሳብ ባለሙያ ኦፈርን ስለመቀበል

ጥቅምት 3 ቀን የላኩልኝን ኦፈር፣ በውስጡ በተገለጸው ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ተቀብያለሁ። ስለሰጣችሁኝ ዕድል አመሰግናለሁ።

ትናንት በስልክ እንደተነጋገርነው ሥራ የምጀምረው ሰኞ ኅዳር 15 ይሆናል። አሁን ባለሁበት ድርጅት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብኝ። መልቀቂያዬን የማስገባው የሪፈረንስና የትምህርት ማስረጃ ማጣራቱ መጠናቀቁን በጽሑፍ ሲያሳውቁኝ ነው። ማረጋገጫው እስከ ሐሙስ ጥቅምት 13 ከደረሰኝ በተባለው ቀን እጀምራለሁ። ከዚያ ከዘገየ የምጀምርበት ቀን በዚያው ልክ እንዲገፋ እጠይቃለሁ።

የተፈረመውን ኦፈር፣ የመታወቂያዬንና የዲግሪዬን ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የግብር መለያ ቁጥሬንና የባንክ ሂሳቤን በምትልኩልኝ ቅጽ ላይ ሞልቼ እመልሳለሁ። የሥራ ልምድ ማስረጃና ክሊራንስ የማገኘው ከለቀቅሁ በኋላ ስለሆነ በመጀመሪያው ሳምንት አቀርባለሁ። አሁን ያለሁበትን ድርጅት መልቀቂያ ከማስገባቴ በፊት እንዳታነጋግሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለሪፈረንስ የሰጠኋችሁ ሁለቱ የቀድሞ አለቆቼ ጥሪያችሁን እየጠበቁ ነው።

ቀኑ የተስተካከለበትን ኦፈር እንዲልኩልኝና የቀረ ሰነድ ካለ እንዲያሳውቁኝ እጠይቃለሁ።”

ስለ ወረቀቶቹ ትንሽ ልጨምር። ጸሐፊዋ ሰነዶቹን የለየቻቸው በጊዜ ነው፦ ዛሬ ያሉ፣ ቅጽ የሚጠብቁ፣ ከመልቀቅ በፊት ጨርሶ የማይገኙ። የመጨረሻዎቹን ቀድሞ መናገር ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። የሰው ኃይል ክፍሎች አንድ ወጥ የሰነድ ዝርዝር ስለሚልኩ፣ ክሊራንስ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይምጣ ሊሉ ይችላሉ። በሥራ ላይ ያለ ሰው ግን ክሊራንሱን ቀድሞ አያገኝም፣ ንብረት ማስረከብና የሂሳብ ማጣራት የሚያልቀው መጨረሻ ላይ ነው።

አሁን ያለውን አሠሪ አታነጋግሩ የሚለው መስመር ደግሞ ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ነው። ሪክሩተሩ በቅንነት ለአለቃዋ ቢደውል፣ እሷ ሳትናገር ነገሩ ቢሮ ውስጥ ይዳረሳል። ድርጅቱ የአሁኑን አለቃ ቃል የግድ ከፈለገ፣ እሱን ብቻ ለይቶ መልቀቂያው ከገባ በኋላ እንዲያደርገው መስማማት ይቻላል። ያኔም ቢሆን ኦፈሩ በዚያ ጥሪ ውጤት ላይ እንዳይታሰር መጠየቅ ያስፈልጋል።

ደብዳቤው ለማን እንደሚላክም መታየት አለበት። ሪክሩተሩ የድርጅቱ ሠራተኛ ከሆነ ለእሱ መላክ በቂ ነው። የቅጥር ኤጀንሲ ሰው ከሆነ ግን በመሐል ያለ አገናኝ ነው። እሱ “ደርሶኛል” ማለቱ ቀጣሪው ደርሶታል ማለት ላይሆን ይችላል። ኦፈሩ ላይ የፈረመው ሰው ወይም የሰው ኃይል ክፍሉ በግልባጭ ይግባ። የመታወቂያ ቅጂና የባንክ ቁጥር ከመላክ በፊት የኢሜይል አድራሻው የድርጅቱ መሆኑን ማጣራትም አይከፋም። ለቅጥር “ማስፈጸሚያ ክፈይ” የሚል መልእክት ከመጣ ከነጭራሹ ኦፈሩ ራሱ ይጠርጠር።

ደብዳቤው ተልኮ ሁለት የሥራ ቀን መልስ ካልመጣ ደውሎ መጠየቅ ነው። የሚጠበቀው መልስ “እንኳን ደስ አለሽ” ብቻ አይደለም። ኅዳር 15 የሚለው ቀንና የማጣራቱ ነገር መልሱ ውስጥ በግልጽ መጠቀስ አለባቸው። ሪክሩተሩ “ማጣራቱ ፎርማሊቲ ነው፣ መልቀቂያሽን አስገቢ” ቢል፣ “እሺ፣ ይህንኑ በኢሜይል ይጻፉልኝ” ማለት ይቻላል። የሚጽፍ ከሆነ ነገሩ አለቀ። አልጽፍም ካለ ቅድመ ሁኔታው አሁንም እንዳለ ነው፣ መልቀቂያውም መሳቢያ ውስጥ ይቆያል።