በኤክሴል ሁለተኛውንና ተከታዩን ድግግሞሽ መለየት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«COUNTIF ከ1 በላይ ከቆጠረ መስመሩ ትርፍ ነው፤ ይሰረዝ።»

ቆጠራው መላውን አምድ የሚያይ ከሆነ የመጀመሪያውም አብሮ ይሰረዛል። ከA2 እስከ A6 ድረስ 104፣ 107፣ 104፣ 112፣ 104 ተጽፏል እንበል። መላው አምድ ሲቆጠር ውጤቱ 3፣ 1፣ 3፣ 1፣ 3 ነው። ከ1 በላይ የሆነውን ሁሉ ካጠፋን 104 ከነጭራሹ ከዝርዝሩ ይወጣል። B2 ላይ መጻፍ ያለበት ይህ ነው፦

```
=COUNTIF($A$2:A2,A2)>1
```

ወደ ታች ሲቀዳ 4ኛው ረድፍ ላይ `$A$2:A4` ይሆናል። እያንዳንዱ ረድፍ ከላይ ጀምሮ እስከ ራሱ ብቻ ይቆጥራል፤ ከበታቹ ያለውን አያይም። ስለዚህ ቆጠራው 1፣ 1፣ 2፣ 1፣ 3 ሆኖ TRUE የሚወጣው 4ኛውና 6ኛው ረድፍ ላይ ብቻ ነው።

«የዶላር ምልክቱን በሁለቱም ጫፍ ማድረግ ይሻላል።»

ሁለቱም ጫፎች ሲታሰሩ ክልሉ ማደጉን ያቆማል፤ `$A$2:$A$6` ተብሎ ከተጻፈም ወደ መጀመሪያው ስህተት ተመለስን ማለት ነው። ምልክቱን ጨርሶ መተው ግን ይብሳል። እያንዳንዱ ሴል ራሱን ብቻ ስለሚቆጥር ሁሉም FALSE ይወጣል፤ እኛም መረጃው ንጹሕ ነው ብለን እናልፋለን። ለማረጋገጥ የመጨረሻውን ረድፍ ፎርሙላ ከፍቶ ማየት ይበቃል፦ በ`$A$2` ጀምሮ በራሱ ረድፍ ቁጥር ማለቅ አለበት።

«TRUE ያልወጣበት መስመር ቀድሞ የተመዘገበው ነው።»

ፎርሙላው ቀን አያውቅም፤ የሚያውቀው ከላይ ወደ ታች ያለውን ቅደም ተከተል ነው። አዲሱ መዝገብ ከላይ ከተቀመጠ TRUE የሚያርፈው በአሮጌው ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በቀን፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ እንደርድር። ኋላ ላይ በሌላ አምድ ከደረደርን የTRUE ምልክቶቹ ቦታ ሊቀይሩ ስለሚችሉ፣ B አምድን ቀድቶ እሴቱን ብቻ መልሶ መለጠፍ ያስፈልጋል።

«TRUE ካለ ሁለቱ ቁጥሮች በእርግጥ አንድ ናቸው።»

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚጠፋው ትክክለኛ መዝገብ ነው። COUNTIF በጽሑፍ መልክ የተቀመጠ ቁጥር ሲያገኝ እንደ ቁጥር ይወስደዋል፤ ኤክሴል ደግሞ ከ15 አሃዝ በላይ አይዝም። በመሆኑም 1234567890123451 እና 1234567890123452 በመጨረሻው አሃዝ ቢለያዩም አንድ ተደርገው ይቆጠራሉ። ለእንዲህ ያለ ረጅም መለያ ቁጥር ይህን እንጠቀም፦

```
=SUMPRODUCT(--($A$2:A2=A2))>1
```

ይህኛው ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ ያነጻጽራል። የሚሠራው ግን አምዱ ቁጥሮቹ ከመግባታቸው በፊት በጽሑፍ ቅርጸት ከተዘጋጀ ነው፤ አለዚያ 16ኛው አሃዝ ገና ሲጻፍ 0 ሆኗል፣ የትኛውም ፎርሙላ አይመልሰውም።