ትከሻ ቀስ በቀስ ሲደርቅ፦ ወሎ ውስጥ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አጥንቱ ከቦታው ወልቋል፤ ወጌሻ ይመልሰው።»

የወለቀ ትከሻ መነሻው ይታወቃል። መውደቅ ወይም መመታት ይቀድመዋል፣ ሕመሙ በዚያው ደቂቃ ይጀምራል፣ የትከሻውም ክብ ቅርጽ ወዲያው ይበላሻል። ቀስ በቀስ የሚደርቅ ትከሻ ግን የጀመረበትን ቀን ባለቤቱም አያውቀው። በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ካገኘኋቸው መካከል ከኮምቦልቻ የመጡ የ54 ዓመት እናት መቼ እንደ ጀመራቸው ስጠይቃቸው «ከአረፋ በፊት ይሁን በኋላ እንጃ፣ ልጄ» አሉኝ። በመጀመሪያ ያስተዋሉት ቀኝ እጃቸው ወደ ኋላ ዞሮ መቀነታቸውን ለመያዝ እንዳቃተው ነበር። ከዚያ ጀበና ከመደርደሪያ ማውረድ ቸገራቸው፤ በመጨረሻም ለሶላት ሲቆሙ ግራ እጃቸው እስከ ጆሯቸው ሲደርስ ቀኙ ደረታቸው ላይ መቅረት ጀመረ። በእነዚህ ሦስት ነገሮች መካከል አራት ወር አልፎ ነበር።

ነገሩን ለመረዳት የመገጣጠሚያውን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። የላይኛው ክንድ አጥንት ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ሲሆን፣ የሚያርፍበት ጉድጓድ ግን የስኒ ማስቀመጫ ያህል እንኳ ጥልቀት የለውም። ስለዚህ ኳሱን ዙሪያውን አቅፎ የሚይዝ ቀጭንና ጠንካራ ከረጢት አለ። ክንዳችን ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሳለ ይህ ከረጢት በብብት በኩል ተጨማድዶ ይቀመጣል፤ ክንዳችንን ስናነሳ እጥፋቱ ይዘረጋል፣ ለእንቅስቃሴውም ቦታ ይሰጣል። ትከሻ ሲደርቅ የሚታመመው ይህ ከረጢት ነው፤ በመጀመሪያ ይቆጣል፣ ቀጥሎ ይወፍራል፣ ከዚያም ይኮማተርና እጥፋቱ ይጠፋል። የጤነኛ ሰው ከረጢት ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ መያዝ ሲችል፣ የደረቀው ብዙውን ጊዜ ከ10 ሚሊ ሊትር በላይ አይቀበልም። ኳሱ ከጉድጓዱ አልወጣም፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ተጨምቆ ተይዟል። ስለዚህ ወደ ቦታው የሚመለስ አጥንት የለም።

ይህን የምለው ወጌሻን ለማንቋሸሽ አይደለም። ነገር ግን እኒህ እናት ሦስት ጊዜ ክንዳቸው ተጎትቶ፣ በሦስተኛው ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት ቀርቶ ተቀምጠው ለማንጋት ተገደዋል። የተቆጣ ከረጢት ሲጎተት የበለጠ ይቆጣል።

«ኤክስሬ ተነሥቼ ምንም የለብህም ተባልኩ፤ እንግዲህ ጡንቻው ሰንፎ ነው።»

ኤክስሬ አጥንትን እንጂ ከረጢትን አያሳይም። በዚህ በሽታ ፎቶው ንጹሕ መሆኑ የሚጠበቅ ነው፤ የሚታዘዘውም በዋነኛነት ሌሎች ነገሮችን ለማስወገድ ነው። ለምሳሌ የመገጣጠሚያው ልም አጥንት መበላት ትከሻን ሊያደርቅ ይችላል። የሚጥል በሽታ ወይም የኤሌክትሪክ አደጋ የደረሰበት ሰውም ኳሱ ወደ ኋላ ወልቆ ክንዱ ወደ ውጭ አልዞር ሊል ይችላል።

በሽታውን የሚለየው የእጅ ምርመራ ነው፤ በየትኛውም ጤና ጣቢያ ያለ መሣሪያ ይሠራል። ታማሚው ክርኑን ከጎኑ ጋር አጣብቆ፣ ክንዱን ከክርኑ ላይ አጥፎ፣ መዳፉን ሰላምታ ለመስጠት እንደሚዘረጋ ሰው ወደ ፊት ያደርጋል። ከዚያ ክርኑን ሳያላቅቅ እጁን ወደ ውጭ፣ በር እንደሚከፈት፣ ያዞራል። በመጀመሪያ ራሱ ይሞክራል፤ ቀጥሎ መርማሪው እጁን ይዞ በቀስታ ያዞርለታል። ታማሚው ራሱ ባይችልም መርማሪው ሲያዞርለት እጁ ያለ ችግር ከሄደ፣ ጥፋቱ ክንድን የሚያንቀሳቅሰው ጅማት ወይም ነርቭ ላይ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። መርማሪውም ሲሞክር በዚያው ቦታ ላይ ከቆመና ኤክስሬውም ንጹሕ ከሆነ ግን፣ የያዘው ከረጢቱ ነው። ይህ ወደ ውጭ የመዞር እንቅስቃሴ ከሁሉ ቀድሞ፣ ከሁሉም በላይ የሚጠፋው ነው፤ ምክንያቱም በመገጣጠሚያው ፊት ለፊት በኩል ያለው የከረጢቱ ክፍልና አብሮት ያለው ጅማት ይበልጥ ስለሚኮማተሩ ነው።

የኮምቦልቻዋ እናት ግራ እጃቸው 60 ዲግሪ ያህል ሲዞር ቀኙ 10 ላይ ቆመ። እኔ ሳዞረውም 10 ነበር። ክንዳቸውን ወደ ላይ ሲያነሡ ደግሞ መላው የትከሻ አጥንታቸው ከጀርባቸው ላይ አብሮ ወደ ጆሯቸው ይወጣ ነበር፤ ይህም መገጣጠሚያው ስላልሠራ ሌላው ክፍል የእሱን ድርሻ እየሸፈነ መሆኑን ያሳያል። ጡንቻቸው አልሰነፈም።

«የደሴ ብርድ ነው የያዘኝ።»

እኒህ እናት ከኮምቦልቻ ሙቀት ወጥተው ደሴ ለቅሶ ላይ በወለል ላይ አድረው ስለ ነበር፣ ጥፋተኛው የጦሳ ተራራ ብርድ መሆኑን አልተጠራጠሩም። የሕመሙ ስም በውጭ ቋንቋ «የቀዘቀዘ ትከሻ» ተብሎ መተርጎሙም ነገሩን አያግዝም። ስሙን በ1934 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኮድማን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ሲሆን፣ ለማለት የፈለገው እንደ በረዶ ደርቆ የቆመ ትከሻን ነው፤ ብርድ የመታውን አይደለም። ብርድ የታመመ ትከሻን የበለጠ ሊያሳምም ይችላል፤ ከረጢትን ሲያኮማትር ግን አይታወቅም። በሽታው በሞቃት አገሮችም ይታያል።

ብዙ ጊዜ በሽታው ያለ ግልጽ ምክንያት ይመጣል፤ በተለይም ከ40 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። የታወቁ አጋላጮች ግን አሉ። ከስብራት፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከስትሮክ በኋላ ክንድ ለሳምንታት ሳይንቀሳቀስ ሲታሰር ከረጢቱ ሊኮማተር ይችላል። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን መዛባትም ከዚህ በሽታ ጋር ይያያዛል። ከሁሉ የሚልቀው ግን የስኳር በሽታ ነው፤ የትከሻ ድርቀት ከጠቅላላው ሕዝብ ከመቶ 2 እስከ 5 ሰው ሲያጠቃ፣ ስኳር ካለባቸው መካከል ግን ከመቶ 10 እስከ 20 ያህሉን ይይዛል። ለዚህ በአብዛኛው የሚሰጠው ማብራሪያ፣ በደም ውስጥ ለረጅም ጊዜ የበዛ ስኳር የከረጢቱ ገመድ ከሆነው ኮላጅን ከሚባለው ፕሮቲን ጋር እየተጣበቀ ገመዱን ያደርቀዋል የሚል ነው።

ስለዚህ ትከሻው ያለ ምክንያት የደረቀበት ሰው ሁሉ ስኳሩን መለካት አለበት ብዬ አምናለሁ። እኒህ እናት ስኳራቸው ተለክቶ አያውቅም ነበር፤ ቁርስ ሳይበሉ ሲለካ 212 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሆነ፤ በሌላ ቀን ሲደገምም ከ126 በላይ ስለ ነበር የስኳር ሕመምተኛ መሆናቸው ታወቀ። የሚያስጠማቸውንና ሌሊት ለሽንት የሚያስነሣቸውን ነገር ደግሞ የቆላ አየር ነው ብለው ትተውት ነበር።

«ሕመሙን ችሎ በኃይል ያሠራው ሰው ይፈታለታል።»

ምናልባት ከሁሉ የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼም ይህንኑ ይመክራሉ። በሆላንድ 77 ሕሙማንን ለሁለት ዓመት የተከታተለና በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ከሕመም ወሰን ያላለፈ ቀላል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ከተነገራቸው መካከል ከመቶ 89ኙ ወደ ጤነኛ የተጠጋ ትከሻ ሲኖራቸው፣ ሕመምን አልፎ በኃይል እንዲለጠጡ ከተደረጉት መካከል ግን ይህን ያገኙት ከመቶ 63ቱ ነበሩ።

በሽታው በሦስት ደረጃ ያልፋል። በመጀመሪያው፣ ማለትም ለወራት በሚቆየው የሕመም ጊዜ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሥቃይ ይበረታል፣ እንቅስቃሴም እየጠፋ ይሄዳል። በሁለተኛው ሕመሙ ይቀንሳል፣ ድርቀቱ ግን ባለበት ይቆማል። በሦስተኛው ቀስ በቀስ ይፈታል። መለጠጥ የሚጠቅመው ሕመሙ ከበረደ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ግን ጠረጴዛ ላይ በጤነኛው እጅ ተደግፎ፣ የታመመውን ክንድ እንደ ተንጠለጠለ ባልዲ ማንጠልጠልና ትንንሽ ክብ ማሠራት በቂ ነው።

ለእኒህ እናት ከስድስት ሳምንት በኋላ የጨመርንላቸው ሥራ ባለቤታቸው በሚመረኮዙት ዱላ ነበር። በጀርባቸው ተኝተው፣ ሁለት ክርናቸውን ከጎናቸው ጋር አጣብቀው ዱላውን በሁለት እጅ ይይዛሉ፤ ከዚያ በግራ እጃቸው ዱላውን ወደ ቀኝ እየገፉ የታመመውን እጅ ወደ ውጭ ያዞራሉ፤ መወጠር ሲጀምር 10 ያህል ቈጥረው ይመልሳሉ። ከዚያ በፊት በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ለጥቂት ደቂቃ ትከሻቸው ላይ ያደርጋሉ። ይህን በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ከ5 እስከ 10 ዙር ይሠራሉ። መጠኑ እንደ በዛ የሚታወቀው በዚያው ሌሊት ነው፤ ሕመሙ ሥራው ካለቀ በኋላ ወዲያው ካልበረደና እንቅልፍ ከነሣ፣ በሚቀጥለው ቀን በግማሽ ይቀነሳል።

«ትከሻ ውስጥ የሚወጋ መርፌ አጥንት ይበላል።»

መገጣጠሚያ ውስጥ የሚሰጠው ስቴሮይድ በተደጋጋሚ ሲሰጥ የመገጣጠሚያውን ልም አጥንትና ጅማቱን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሥጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሲሰጥ ግን፣ በተለይም በመጀመሪያው የሕመም ጊዜ፣ የከረጢቱን ቍጣ በማብረድ ለሳምንታት እፎይታ ይሰጣል፤ በሕመሙ ምክንያት የማይቻለውን እንቅስቃሴም እንዲቻል ያደርጋል። ለስኳር ሕመምተኛ ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ መድኃኒቱ ወደ ደም ስለሚገባ የስኳሩ መጠን ለጥቂት ቀናት ከፍ ይላል። ለእኒህ እናት መርፌው የተሰጣቸው ስኳራቸው በመድኃኒት ከወረደ በኋላ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት በየቀኑ እንዲለኩ ተደርጓል። በሦስተኛው ቀን ከፍ ብሎ በስድስተኛው ተመለሰ። እንቅልፋቸው ግን ከሁለተኛው ሌሊት ጀምሮ ተመልሶ ነበር።

«አንዴ ከደረቀ ዕድሜ ልክ ነው።»

በአብዛኛው ከ1 እስከ 3 ዓመት ውስጥ ይፈታል፤ ስኳር ባለባቸው ሰዎች ይዘገያል፣ አንዳንዶች ላይም ጥቂት ድርቀት ይቀራል። ለወራት ተሞክሮ ምንም ያልተለወጠ ትከሻ በማደንዘዣ ውስጥ በሐኪም እጅ ሊላቀቅ፣ ወይም በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ መሣሪያ የተኮማተረው ከረጢት ሊቈረጥ ይችላል። በማደንዘዣ ውስጥ ማላቀቅ በሳሳ አጥንት ላይ ስብራት ሊያስከትል ስለሚችል ቀላል ነገር ተደርጎ አይታይም። አንዴ የዳነው ትከሻ ራሱ መልሶ መድረቁ እምብዛም ነው፤ ሌላኛው ጎን ግን በኋላ ሊከተል ይችላል።

እኒህ እናት በ14ኛው ወር ሲለኩ ቀኝ እጃቸው ወደ ውጭ 45 ዲግሪ ይዞር ነበር። ለሶላት ሲቆሙ ሁለቱም እጆቻቸው ጆሯቸው ይደርሳሉ። መቀነታቸውን ግን እስካሁን የሚያስሩት ከፊት ቋጥረው ወደ ኋላ በማዞር ነው።