የሰርቨር ሰዓት መዛነፍ ምንድን ነው? መግቢያውንስ ለምን ይዘጋል?

በሰርቨር መዝገብ ላይ «SAML assertion not yet valid» የሚል መልእክት ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የይለፍ ቃሉን ወይም የዲጂታል ፊርማውን ነው። ቀኑንም በእነዚህ ላይ ይፈጃል። መልእክቱ ግን የሚናገረው ስለ ሰዓት ነው፦ «የቀረበልኝ ሰነድ የሚጸናበት ጊዜ ገና አልደረሰም» ይላል።

ሳምል ሠራተኛው አንድ ጊዜ ብቻ ማንነቱን አረጋግጦ ወደ ብዙ የድርጅቱ ሥርዓቶች እንዲገባ የሚያስችል ስምምነት ነው። አንደኛው ሰርቨር ማንነት አረጋጋጭ ነው፤ የይለፍ ቃሉን የሚጠይቀው እርሱ ብቻ ነው። ሰውየውን ካወቀው በኋላ አሰርሽን የሚባል የምስክርነት ሰነድ ይጽፍለታል፣ ይፈርምበታል። ሠራተኛው የሚፈልገው ሥርዓት የሚገኝበት ሁለተኛው ሰርቨር ሰነዱን ተቀብሎ ያስገባዋል። ሁለቱ ሰርቨሮች በዚህ ጊዜ በቀጥታ አይነጋገሩም። ሰነዱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሰው የሠራተኛው ብራውዘር ነው።

በሰነዱ ውስጥ ሁለት የጊዜ ድንበሮች ተጽፈዋል፦

```
<saml:Conditions
  NotBefore="2024-06-10T06:00:00Z"
  NotOnOrAfter="2024-06-10T06:05:00Z">
```

የመጀመሪያው «ከዚህ በፊት አትቀበለው»፣ ሁለተኛው «ከዚህ ሰዓት ጀምሮ አትቀበለው» ማለት ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ድንበሮቹን የጻፈው ማንነት አረጋጋጩ የራሱን ሰዓት አይቶ ነው፤ ተቀባዩ ሰርቨር ደግሞ የሚመዝናቸው በራሱ ሰዓት ነው። ማኅተሙንና ስሙን አረጋግጦ የጨረሰ የበር ጠባቂ በመጨረሻ የእጁን ሰዓት እንደሚያይ ማለት ነው። ወረቀቱ «ከ3 ሰዓት ጀምሮ ይግባ» ቢል፣ የጠባቂውም ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ለ3 አራት ደቂቃ ጉዳይ ላይ ቢሆን፣ ባለጉዳዩ በትክክለኛው ሰዓት መጥቶም ይመለሳል። በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ያለው ይህ ልዩነት ነው የሰዓት መዛነፍ የሚባለው።

መልእክቱ የመዛነፉን አቅጣጫም ይነግረናል። «not yet valid» ከተባለ ወይ ተቀባዩ ወደኋላ ቀርቷል፣ ወይ ጸሐፊው ወደፊት ሄዷል። «expired» ከተባለና መዘግየት ከሌለ ነገሩ የዚህ ግልባጭ ነው። የትኛው እንደተሳሳተ ለማወቅ ግን ሁለቱን እርስ በርስ ማነጻጸር አይበቃም፤ ሁለቱንም ከሦስተኛና ትክክለኛ ሰዓት ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

ከላይ ያለው ሰነድ የሰኞ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ደሴ የሚገኝ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ ቅርንጫፎች ያሉት አንድ ድርጅት ጠዋት ሥራ ሲጀምር ሠራተኞቹ መግባት አቃታቸው። ማንነት አረጋጋጩ ከድርጅቱ ውጭ ባለ የደመና አገልግሎት ላይ ነበር፤ ተቀባዩ ሰርቨር ደሴ ዋናው ቢሮ ውስጥ። ሠራተኞቹ የይለፍ ቃላቸውን መቀየር ጀምረው ነበርና «አብሽሩ፣ የይለፍ ቃላችሁ ደህና ነው» አልኳቸው። እንዲህ ያልኩት ከወልድያ አንዲት ሠራተኛ ደውላ «እኔ እኮ ገብቻለሁ፣ ብቻ በጣም ቆየብኝ» ስላለችኝ ነው። ከዚያ ጠዋት ፍንጮች ሁሉ የከበደው ይህ ነበር።

ለምን እርስዋ ገባች? ስሌቱን እንከተለው። 06:00 የዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ በመጨረሻ ያለችው Z ይህን ታመለክታለች። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ነው። ደሴ ዋናው ቢሮ ያለ ሠራተኛ ሰነዱን በ2 ሰከንድ ያደርሳል፣ ስለዚህ ትክክለኛው ሰዓት 06:00:02 ነው። ተቀባዩ ሰርቨር ግን 190 ሰከንድ ወደኋላ ቀርቶ ስለነበር የእርሱ ሰዓት 05:56:52 ይላል። ፕሮግራሙ እስከ 180 ሰከንድ ልዩነት እንዲታገሥ ተደርጎ ስለነበር ይህን ይጨምርለታል፤ 05:59:52 ይሆናል። አሁንም 8 ሰከንድ ይጎድላል፣ ሰነዱም ይመለሳል። የወልድያዋ ሠራተኛ በደካማ የሞባይል መስመር ስለነበረች ሰነዱ እጅዋ ላይ ከ10 ሰከንድ በላይ ቆየ። የጎደለውን 8 ሰከንድ የሸፈነላት የመስመሯ ዝግታ ነው። ፈጣን መስመር ያለው ተከልክሎ ዝግተኛው ሲገባ ካያችሁ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት ሰዓት ተመልከቱ።

«ማንም ምንም አልነካም፣ ታዲያ ዛሬ ለምን?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነበር። የሰርቨር ሰዓት የሚቆጥረው በኳርትዝ ክሪስታል ነው። ክሪስታሉ ከሚሊዮን 20 ያህል ቢስት በቀን ወደ 2 ሰከንድ የሚጠጋ ልዩነት ይፈጥራል፤ ለተራ ኮምፒውተር ይህ የሚጠበቅ ነው። ከ3 ወር ገደማ በፊት፣ ልዩነቱ 10 ሰከንድ ገደማ ሳለ፣ ያው መልእክት ታይቶ ነበር። ያኔ የተሰጠው መፍትሔ በፕሮግራሙ ቅንብር ላይ አንድ መስመር መቀየር ነበር፦

```
acceptedClockSkewMs: 180000
```

ይህ የትዕግሥት ልክ በሚሊሰከንድ የሚጻፍ ሲሆን፣ ድርጅቱ በሚጠቀምበት ኖድ-ሳምል በተባለው ፕሮግራም ካልተነካ 0 ነው። ወደ 3 ደቂቃ ከፍ ሲል ስህተቱ ጠፋ፣ ሰዓቱ ግን በቀን 2 ሰከንድ መዘግየቱን ቀጠለ። 90 ቀን ሲሞላ ትዕግሥቱ አለቀ። በሽታውን ትቶ ትኩሳቱን ብቻ ማብረድ ይሉታል ይሄን ነው።

ትዕግሥቱን ማስፋት ሌላም ዋጋ አለው። ልኩ ድንበሩን በሁለቱም ጫፍ ይገፋል፤ 06:05 ማብቃት የነበረበት ሰነድ በዚያ ሰርቨር ሰዓት እስከ 06:08 ይሠራል። ሰርቨሩ ራሱ ስለዘገየ በእውነተኛው ሰዓት 06:11 አልፎም ይቀበለዋል። አንድ ሰው ሰነዱን ቢሰርቅ የሚጠቀምበት ጊዜ ከ5 ደቂቃ ወደ 11 አደገ ማለት ነው። ልኩን -1 ማድረግ ደግሞ የጊዜ ምርመራውን ጭራሽ ያጠፋዋል፤ ይህን የሚመክር ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት።

ምርመራው ራሱ አጭር ነው፦

```
date -u
timedatectl
chronyc sources
```

የመጀመሪያው ሰዓቱን በዓለም አቀፍ አቆጣጠር ያሳያል፤ በሰነዱ ካለው ጋር መነጻጸር ያለበት እርሱ ነው። የደሴን ሰዓት ከሰነዱ ጋር በቀጥታ ያስተያየ ሰው የ3 ሰዓት መዛነፍ ያገኘ ይመስለውና ትክክለኛውን ሰርቨር ያበላሻል። ሁለተኛው «System clock synchronized: no» አለን። በሦስተኛው ደግሞ የሁሉም የሰዓት ምንጮች የ«Reach» ዓምድ 0 ነበር፤ ሰርቨሩ ይጠይቃል፣ መልስ ግን አይመጣለትም። ሰዓት የሚጠየቅበትን የዩዲፒ 123 ወደብ የድርጅቱ ፋየርዎል ዘግቶት ነበር።

ወደቡ ከተከፈተ በኋላም ሰዓቱ ወዲያው አልተስተካከለም። የሰርቨሩን ሰዓት የሚያስተካክለው ክሮኒ የተባለው ፕሮግራም ሥራ ከጀመረ ቆይቶ የሚያገኘውን ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዝላይ አያርምም፤ ሰዓቱን በጥቂቱ እያፈጠነ ነው የሚያደርሰው። ሠራተኛ በር ላይ ስለቆመ በትእዛዝ አዘለልነው፦

```
sudo chronyc makestep
```

ደሴም ኮምቦልቻም ወዲያው ገቡ። የትዕግሥት ልኩን ወደ 5000፣ ማለትም ወደ 5 ሰከንድ፣ መለስነው። በእርጅና የደከመውን የማዘርቦርድ ባትሪም ቀየርነው፤ እርሱ ካለቀ መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ሲነሣ ሰዓቱ በደቂቃ ሳይሆን በዓመታት ሊያፈገፍግ ይችላል።