ሴሬቤለምና ቤዛል ጋንግሊያ፦ በእንቅስቃሴ ላይ ያላቸው ድርሻና ሲጎዱ የሚታዩ ምልክቶች

ሴሬቤለምና ቤዛል ጋንግሊያ የሰውነት እንቅስቃሴን ከሚያስተካክሉ የአንጎል ክፍሎች ዋነኞቹ ናቸው። ሴሬቤለም ከማጅራት ከፍ ብሎ፣ ከአንጎል ግንድ ጀርባ ይገኛል። ክብደቱ የመላው አንጎል አንድ አስረኛ ያህል ቢሆንም፣ 86 ቢሊዮን ገደማ ከሚሆኑት የአንጎል ነርቭ ሴሎች 69 ቢሊዮን ያህሉን የያዘው እሱ ነው። ቤዛል ጋንግሊያ ግን አንድ ወጥ አካል አይደለም፤ በአንጎል ጥልቅ ክፍል የሚገኙ፣ እርስ በርስ የተሳሰሩ የነርቭ ሴል ክምችቶች የጋራ መጠሪያ ነው። ፑታመን፣ ግሎበስ ፓሊደስ፣ ሰብታላሚክ ኒውክሊየስና ዶፓሚን የተባለውን የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የሚያመነጨው ሰብስታንሺያ ናይግራ በዚህ ስም ከሚጠሩት ውስጥ ናቸው።

ሁለቱም ጡንቻን በቀጥታ አያዙም። ዋናው ትእዛዝ እንቅስቃሴን ከሚያዘው የአንጎል ውጫዊ ሽፋን፣ ከሞተር ኮርቴክስ ተነስቶ በህብለ ሰረሰር በኩል ወደ ጡንቻ ይወርዳል፤ እነሱ ደግሞ በአብዛኛው ታላመስ በሚባለው ክፍል በኩል ኮርቴክሱ በሚያዘው ነገር ላይ ተጽእኖ ያሳድራሉ። ስለዚህ አንዳቸው ሲጎዱ ሰውየው ሽባ አይሆንም። እጁን ጨብጥ ቢሉት በደንብ ይጨብጣል፤ የሚበላሸው የእንቅስቃሴው አጀማመር፣ መጠን፣ ፍጥነትና ቅንጅት ነው።

የሴሬቤለም ሥራ አስቀድሞ መገመት ነው። እጅ ወደ ብርጭቆ ሲዘረጋ የትእዛዙ ቅጂ ወደ ሴሬቤለም ይደርሳል፤ ከጡንቻ፣ ከመገጣጠሚያና ከውስጥ ጆሮ የሚመጣው መረጃም እንዲሁ። እጁ የት እንደደረሰ የሚገልጸው መልእክት ወደ አንጎል እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል። አንጎል ያንን ብቻ ጠብቆ ቢያርም ኖሮ እጁ ብርጭቆውን አልፎ ይሄድ ነበር። ሴሬቤለም ግን ውጤቱን ቀድሞ ገምቶ መቼ መቆም እንዳለበት ያሰላል። ግምቱ ሲስት የስህተት ምልክት ከአንጎል ግንድ ይላክለታል፤ በድግግሞሽ የሚገኘው ልምምድም በከፊል በዚሁ መንገድ ይቀረጻል። ይህ ስሌት ሲጠፋ እጅ ዒላማውን ያልፋል፣ ይመለሳል፣ ሲመለስም እንደገና ያልፋል። ወደ ዒላማው በተቃረበ መጠን የሚብሰው መንቀጥቀጥ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ቤዛል ጋንግሊያ ደግሞ የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚለቀቅና በምን ያህል ጉልበት እንደሚከናወን ይወስናል። የግሎበስ ፓሊደስ ውስጠኛ ክፍል ሰው ዝም ብሎ በተቀመጠበት ጊዜም ሳያቋርጥ ታላመስን ይገታል፤ እንደተያዘ የእጅ ፍሬን ማለት ነው። የተፈለገው እንቅስቃሴ እንዲወጣ ፍሬኑ ለእሱ ብቻ ላላ ይላል፣ ለሌሎቹ እንደተያዘ ይቆያል። ዶፓሚን ማላላቱን ያግዛል። በፓርኪንሰን በሽታ እንደሚሆነው ዶፓሚን ሲያንስ ፍሬኑ ከልክ በላይ ይይዛል፤ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ያንሳል። በተቃራኒው ፍሬኑን የሚያጠብቀው ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ በትንሽ ስትሮክ ቢጎዳ፣ በተቃራኒው ጎን ያለው ክንድና እግር ያለፈቃድ መወራጨት ይጀምራል። በሀንቲንግተን በሽታ የሚታየው ቦታውን እየቀያየረ የሚመጣ ያልታሰበ እንቅስቃሴም መነሻው ይኸው ቁጥጥር መላላቱ ነው።

ልዩነቱ በምርመራ ጊዜ እንዴት እንደሚገለጥ ለማየት፣ ሁለት ሰዎች ግራ እጃቸው ይንቀጠቀጣል እንበል፤ የመጀመሪያው ፓርኪንሰን አለበት፣ የሁለተኛው ሴሬቤለም ተጎድቷል። በመጀመሪያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ከ100 ሰባት ሰባት እየቀነሱ ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ ይደረጋል። ቆጠራው ሐሳባቸውን ከእጃቸው ላይ ያነሳል። የፓርኪንሰን ታማሚው እጅ በዚህ ጊዜ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት እርስ በርስ ይታሻሉ። ሴሬቤለሙ የተጎዳው ሰው እጅ ግን ጸጥ ብሎ ይቀመጣል።

ቀጥሎ መርማሪው ጣቱን ያቆምና ታማሚው የራሱን አፍንጫና የመርማሪውን ጣት እያፈራረቀ እንዲነካ ይጠይቃል። ጣቱ ታማሚው ክንዱን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ በሚደርስበት ርቀት ላይ መሆን አለበት፤ ቅርብ ከሆነ ስህተቱ ሊደበቅ ይችላል። እዚህ ሚናው ይገለበጣል። የመጀመሪያው ሰው መንቀጥቀጥ ይቀንስና ቀስ ብሎ ግን በትክክል ይነካል። የሁለተኛው እጅ ደግሞ ጣቱ ጋ ሲቃረብ ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል፣ አንዳንዴም አልፎት ይሄዳል።

ከዚያ አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን በሰፊው እየከፈቱ በፍጥነት 10 ጊዜ ማጋጠም ይመጣል። መታየት ያለበት ዝግታው ብቻ አይደለም፤ በፓርኪንሰን የጣቶቹ አከፋፈት ከዙር ወደ ዙር እየጠበበ ይሄዳል። በሴሬቤለም ጉዳት ምቱ ይዛባል፣ አንዱ ሰፊ ሌላው ጠባብ ይሆናል፣ ግን በሥርዓት እየጠበበ አይሄድም። በጽሕፈትም ተመሳሳይ ነገር ይታያል፦ የአንዱ ፊደል ወደ መስመሩ መጨረሻ እያነሰ ሲሄድ የሌላው ተለቅ ያለና የተዘበራረቀ ነው። መርማሪው ራሱ የታማሚውን አንጓ ሲያዞር የመጀመሪያው ይገትራል፣ ቆም ቆም እያለም ይዞራል፤ የሁለተኛው እንደ ጤነኛ ወይም ከዚያም የላላ ሊሆን ይችላል።

አረማመዳቸው ከበር ሲገቡ ይለያል። አንዱ እግሮቹን አቀራርቦ፣ ጎበጥ ብሎ፣ እየጎተተ ይሄዳል፣ የታመመው ክንዱ አይወዛወዝም፣ ሲዞርም ብዙ ትናንሽ እርምጃ ያስፈልገዋል። በሩ ላይ እግሩ ተጣብቆ ቢቀር ወለሉ ላይ የተሰመሩ መስመሮችን እየረገጠ መሄድ ብዙ ጊዜ ይረዳዋል። ሌላው እግሮቹን አራርቆ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ተረከዙን ከጣቱ እያጋጠመ በቀጥታ መስመር ተራመድ ቢባል አይችልም።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው በጎን ጉዳይ ላይ ነው። የሁለቱም ግራ እጅ ቢሆንም በፓርኪንሰን ይበልጥ የተጎዳው ቀኝ ሰብስታንሺያ ናይግራ ነው፤ በሌላው ደግሞ ግራ ሴሬቤለም። ከሴሬቤለም የሚወጣው መንገድ ወደ ታላመስ ሲሄድ አንድ ጊዜ ይሻገራል፣ ከኮርቴክስ የሚወርደው ትእዛዝም መልሶ ስለሚሻገር ምልክቱ ጉዳቱ ባለበት ጎን ይወጣል። በአየርላንድ የተወለደው የነርቭ ሐኪም ጎርደን ሆምስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን መርምሮ በ1917 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፍ፣ በአንድ ጎን የቆሰሉትን ጤነኛ እጅ ከታመመው ጋር እያነጻጸረ አብዛኞቹን የሴሬቤለም ምልክቶች ገልጿል።

መንቀጥቀጥ ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ምድቦች አይገባም። እጅን ዘርግቶ ሲይዙ ወይም ሲጠጡ በሁለቱም እጅ የሚታየውና በቤተሰብ የሚወረሰው መንቀጥቀጥ ከፓርኪንሰን ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። መድኃኒትም ያስመስላል፦ ማስመለስን ለማስቆም የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድና ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል የዶፓሚንን ሥራ ስለሚያግዱ ፓርኪንሰን የሚመስል ሁኔታ ያመጣሉ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፌኒቶይን መጠኑ ሲበዛ የሴሬቤለም ምልክት፣ በተለይም የዓይን ኳስ ያለፈቃድ መወዛወዝና መንገዳገድ ያስከትላል። ለዓመታት አብዝቶ መጠጣት የሴሬቤለምን መካከለኛ ክፍል ስለሚያመነምን እግርና አረማመድ ሲበላሹ እጅ በአንጻሩ ደህና ሊሆን ይችላል።

በድንገት የመጣ የሴሬቤለም ምልክት አስቸኳይ ነው። በዚያ የደረሰ ስትሮክ ማዞር፣ ማስታወክና መንገዳገድ ብቻ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ አልጋ ላይ ተኝቶ ክንድና እግሩን የተፈተሸ ሰው ጉልበቱ ሙሉ ስለሆነ የጨጓራ ወይም የጆሮ ሕመም ተብሎ ወደ ቤቱ ይላካል። ሳይደገፍ እንዲቀመጥና እንዲቆም ማድረግ ያንን ስህተት ያጋልጣል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሲቲ ስካን ምስል ንጹህ መሆኑም ስትሮክ የለም አያሰኝም። በቀጣዮቹ ቀናት የሚመጣው እብጠት የአንጎል ግንድን ሊጫንና የአንጎል ፈሳሽ መውጫን ሊዘጋ ስለሚችል፣ ንቃቱ የቀነሰ ታማሚ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

በሕክምናም ይለያያሉ። ሌቮዶፓ የፓርኪንሰንን ዝግታና ግትርነት በግልጽ ያቀላል፤ ለሴሬቤለም ጉዳት ግን ይህን የሚያክል መድኃኒት የለም፣ መነሻውን ማከምና የሚዛን ልምምድ ዋናዎቹ ናቸው። መልቲፕል ሲስተም አትሮፊ የተባለው በሽታ ሁለቱንም ክፍሎች ሊያጠቃ ስለሚችል ግትርነትና መንገዳገድ በአንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ። ሌቮዶፓ በቂ ለውጥ ካላመጣና ከተኙበት ሲነሱ የደም ግፊት በጣም የሚወርድ ከሆነ ሐኪሞች መጠርጠር የሚጀምሩት ይህንን ነው።