የከተማ የራስ ገቢ ምንድን ነው? «የዕቅዳችንን 98 በመቶ ሰበሰብን» ሲባልስ?

በጀት ዓመቱ ሲዘጋ የከተማው ገቢ ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ያቀርባል። «የዕቅዳችንን 98 በመቶ ሰብስበናል» ይላል። እዚያው ከተማ ውስጥ ግን የጎርፍ መውረጃው በቆሻሻ ተደፍኗል። የመንገድ መብራቱም ከጠፋ ቆይቷል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። እንዴት እንደሆነ ለማየት ከገንዘቡ ምንጭ እንጀምር።

አንድ የአገራችን ከተማ አስተዳደር በሁለት ኪስ ይኖራል። የመምህራኑና የጤና ባለሙያዎቹ ደመወዝ በአብዛኛው ከመደበኛው በጀት ይወጣል። በዚያ በኩል የክልሉ ድጎማ ያግዘዋል። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የፍሳሽ ቦይ፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ ቄራና የገበያ ቦታ ግን የማዘጋጃ ቤት ሥራዎች ናቸው። እነዚህ በዋናነት የሚንቀሳቀሱት ከተማው ከነዋሪውና ከነጋዴው ራሱ በሚሰበስበው ገንዘብ ነው። የራስ ገቢ ስንል በተለይ ይህን ማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ ማለታችን ነው።

በዚህ ኪስ ውስጥ ትልቁን ድምፅ የሚያሰማው ብዙ ጊዜ ሊዝ ነው። ቦታ በጨረታ ሲወጣ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ይገባል፣ የዓመቱም ሪፖርት ያምራል። ግን አንድ ቦታ ደጋግሞ አይሸጥም። ቦዩ ደግሞ በየክረምቱ መጠረግ አለበት። በሊዝ የለመደ ከተማ መሬት ሲያልቅበት ወይም ገበያው ሲቀዘቅዝ የዓመት ወጪውን የሚሸፍንበት ያጣል። በየዓመቱ ሊመጣ የሚችለው ገንዘብ ከቦታና ከቤት የሚከፈለው ግብር፣ እንዲሁም የአገልግሎት ክፍያ ነው።

የቦታ ኪራይና የቤት ግብር መነሻው የ1968ቱ አዋጅ ቁጥር 80 ነው። ቦታው በደረጃ ተከፍሎ በካሬ ሜትር ይሰላል፣ ቤቱ ደግሞ በዓመታዊ የኪራይ ግምቱ። ሰው «ጣሪያና ግድግዳ» የሚለው ይህንኑ ነው። ክልሎች በየጊዜው ታሪፍ ቢያሻሽሉም፣ የብዙ ቤቶች ግምት ከገበያው ዋጋ በጣም ርቆ ቀርቷል። በ2017 የጸደቀው የፌዴራል የንብረት ታክስ አዋጅ ግብሩን ከንብረቱ የአሁን ዋጋ ጋር ለማገናኘት የወጣ ነው። ብዙ ሰው የሚከራከረው ስለ ምጣኔው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን መዝገቡ ነው። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይ። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማየት የወሰድኳቸው ምሳሌዎች ናቸው።

10,000 ይዞታ ያለበት ከተማ እናስብ። እያንዳንዱ በትክክል ቢገመት በአማካይ 1,000 ብር በዓመት ይከፍላል እንበል። ከተማው ማግኘት የሚችለው 10 ሚሊዮን ብር ነው። መዝገቡ ላይ ያሉት ግን 6,000 ብቻ ናቸው። የቀሩት ጨረቃ ቤቶች፣ ካርታ ያልወጣላቸው፣ ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ የተካለሉ፣ ወይም ፋይላቸው የጠፋ ናቸው። 10 ሚሊዮኑ ወደ 6 ወረደ። ግምቱ ያረጀ ስለሆነ በአማካይ የሚጠየቁት 500 ብር ነው። 3 ሚሊዮን ሆነ። ከተመዘገቡት ውስጥ የሚከፍሉት 60 በመቶ ናቸው። በመጨረሻ ካዝና የሚገባው 1.8 ሚሊዮን ብር ነው። ከሚችለው 18 በመቶ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሪፖርቱ እንመለስ። ጽሕፈት ቤቱ ዕቅድ ሲያወጣ መነሻው አምና የሰበሰበው ነው። አምና 1.7 ሚሊዮን ሰብስቧል፤ 8 በመቶ ገደማ ጨመረና 1.84 ሚሊዮን አቀደ። 1.8 ሲሰበስብ 98 በመቶ ሞላ። ማንም አልዋሸም። የተካፈለበት ቁጥር ግን ዕቅዱ ነው፣ መከፈል የነበረበት አይደለም። 82 በመቶ የሚሆነው ገንዘብ በሪፖርቱ ውስጥ አንድም ቦታ አይታይም።

ታሪፍ ብቻ ቢጨመርስ? 500ውን ወደ 1,000 እናሳድገው። ሁሉም እንደ ድሮው ከከፈሉ ገቢው 3.6 ሚሊዮን ይሆናል። እጥፍ ነው። የሚከፍሉት ግን እነዚያው 3,600 ቤቶች ናቸው። ቀድሞም ሲከፍል የነበረው ሰው ሸክሙ እጥፍ ይሆንበታል፣ ያልተመዘገበው ጎረቤቱ ምንም አይነካውም። ይሄ ያመኛል፤ በሐቅ የከፈለውን እንደ መቅጣት ነውና። ከዚያም እሱ ራሱ መክፈሉን ይተዋል። አሁን በሌላ መንገድ እንሂድ። መዝገቡ 9,000 ይድረስ፣ ግምቱ 900 ብር ይሁን፣ ከፋዩም 80 በመቶ ይሁን። 6.48 ሚሊዮን ይመጣል። ቁጥሮቹ እርስ በርስ ስለሚባዙ፣ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ማሳደግ ሩቅ አያደርስም።

«አቅም የለንም» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። በብዙ ከተሞች ለባለይዞታው ቤቱ ድረስ የሚሄድ የክፍያ ማስታወቂያ የለም፤ ራሱ አስታውሶ መምጣት አለበት። የቤት ቁጥሩ የተዘበራረቀ ነው። ይዞታው በመሬት አስተዳደር ፋይል አለ፣ ክፍያው በገቢ ጽሕፈት ቤት ፋይል አለ፣ ሁለቱ አይተዋወቁም። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚከፍለው ጉዳይ ሲኖረው ነው፦ ስም ሲያዛውር፣ የግንባታ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ በካርታው ብድር ሲፈልግ። ያኔ የዓመታት ውዝፍ ከነቅጣቱ በአንድ ቀን ይቆለልበታል። ቤቱን የማይሸጥ፣ የማያድስ፣ የማይበደር ሰው ግን የሚጠይቀው የለም።

መዝገቡን ለማስተካከል ቤት ለቤት ዓመታት መዞር የግድ አይደለም። የሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን በ2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሳተላይት ምስል ተጠቅማ ሕንፃዎቿን ቆጠረች። ግምቱም በነጥብ ሆነ። የሕንፃው ስፋት መነሻ ነጥብ ይሰጣል፤ የጣሪያው ዓይነት፣ የመንገዱ ሁኔታና የመሳሰለው ይጨመርበታል ወይም ይቀነስለታል። ገማቹ ከውጭ ቆሞ አይቶ ይሞላል። ባለቤቱም ነጥቡን ራሱ ቆጥሮ መከራከር ይችላል። በመዝገቡ ላይ ያለው ንብረት ከእጥፍ በላይ ሆነ። በደሃ ሰፈር ያሉ ብዙ ቤቶች ክፍያቸው ሲቀንስ የሀብታሞቹ ጨመረ።

የአገልግሎት ክፍያ ችግሩ ሌላ ነው። የቄራው፣ የመናኸሪያው ኮቴ፣ የከብት ገበያው ክፍያ በትንሽ በትንሹ በጥሬ ገንዘብ ይሰበሰባል። ቀዳዳው ያለ ደረሰኝ የሚከፈለው ነው። ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። በአንድ የገበያ ቀን በር ላይ ሰው አስቀምጦ የሚገባውን ከብት ማስቆጠር፣ ማታ ከተቆረጠው ደረሰኝ ጋር ማስተያየት ነው። 400 ገብቶ 250 ደረሰኝ ከተቆረጠ፣ 150ው የት እንደሄደ የሚጠየቅ ሰው አለ ማለት ነው። በአዲስ አበባ የቆሻሻ ክፍያ ከውሃ ሂሳብ ጋር ተደርቦ መሰብሰቡም ለዚሁ ይረዳል። ሰብሳቢ በየቤቱ ገንዘብ ይዞ አይዞርም፣ ውሃው እንዳይቆረጥበት የሚፈልግ ሁሉ ይከፍላል።

በከተማችሁ የሕዝብ መድረክ ሲጠራ ሪፖርቱን ለሚያነበው ሰው ሁለት ጥያቄ አቅርቡ። በከተማው ስንት ይዞታ አለ? አምና ከእነሱ ስንቱ ከፈለ? ሁለተኛውን በደረሰኝ ቆጥረው ሊነግሯችሁ ይችላሉ። የመጀመሪያውን መመለስ ካልቻሉ ዕቅዱ የወጣው ከአምናው ገቢ ላይ ነው።