ቢኤምአይ የማያየው እግርና ውሃ

አዘዞ ያሉ አንድ ጋሼ ክብደታቸው 51 ኪሎ፣ ቁመታቸው 1.70 ሜትር ነው። ቢኤምአይ ማለት ኪሎን በሜትር ቁመት ሁለቴ ማካፈል ነው፤ የሳቸው 17.6 ወጣ። ለአዋቂ ከ18.5 በታች ከስቷል ይባላልና «ከስተዋል» ተባሉ።

የተረሳው አንድ ነገር ነው። የጋሼ ግራ እግር ከጉልበት በታች ተቆርጧል። ይህ ክፍል በአማካይ ከሰውነት ክብደት 5.9 በመቶ ነው። ስለዚህ ሰው ሰራሹን እግር አውልቀው የተመዘኑትን 51 ለ0.941 እናካፍላለን፤ 54.2 ኪሎ ይሆናል። ቢኤምአዩም 18.8። ግምት ነው፣ ግን ከመስመሩ በላይ ናቸው። ቁመቱ ደግሞ ከመቆረጡ በፊት የነበረው መሆን አለበት።

እብጠት ተቃራኒውን ያደርጋል። 1.60 ሜትር የሆኑ እትዬ 50 ኪሎ ቢመዝኑ 19.5 ነው፤ ደህና ይመስላል። ግን 6 ኪሎው ውሃ ከሆነ እውነተኛው 17.2 ነው። ቁርጭምጭሚታቸውን በአውራ ጣት ጥቂት ሰከንድ ተጫኑት፤ ጎድጉዶ ከቀረ ውሃ አለ። ውሃው ስንት ኪሎ እንደሆነ ሚዛን አይለይም፣ በግምት መቀነስም አያዋጣም። እኔ ብሆን የላይኛውን ክንድ መሃል ዙሪያውን በሜትር እለካለሁ፤ እብጠት እዚያ ብዙም አይደርስም። እጅም ካበጠ ግን እሱም አይታመንም።

መስመሮቹም ራሳቸው ለሁሉም እኩል አይሠሩም። ለእስያ ሰዎች የስኳርና የልብ ስጋት በዝቅተኛ ቁጥር ስለሚጀምር፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት መነሻ ከሆነው 25 ይልቅ 23 ላይ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።